ከኮሎኖስኮፒው በፊት የሚጠየቀው ወረቀት

አሜሪካ ውስጥ ኮሎኖስኮፒ ማለትም የትልቁ አንጀት ምርመራ የተደረገለት ሰው አንድ ቢል ብቻ ይመጣልኛል ብሎ ከጠበቀ ይደነግጣል። መጀመሪያ የሐኪሙ ቢል ይመጣል። ቀጥሎ ምርመራው የተደረገበት ማዕከል ወይም ሆስፒታል የራሱን ይልካል። ትንሽ ቆይቶ ስሙን ሰምቶት ከማያውቅ ድርጅት የማደንዘዣ ሒሳብ ይደርሰዋል። በምርመራው ጊዜ ከአንጀቱ ተቆርጦ የወጣ ነገር ካለ ደግሞ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው ላቦራቶሪ አራተኛውን ፖስታ ይልካል። ኢንሹራንስ ላለው ሰው ከእነዚህ ሒሳቦች አብዛኛው የሚያልቀው በክሊኒኩና በኢንሹራንሱ መካከል ነው። ከኪሱ ለሚከፍል ግን አራቱም የየራሳቸው ባለዕዳ የሚፈልጉ ወረቀቶች ናቸው።

ለዚህ ሰው ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ኖ ሰርፕራይዝስ አክት ይባላል። ሕጉ ብዙ ክፍል ቢኖረውም እዚህ የምናየው አንዱን ብቻ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ኢንሹራንሱን ላለመጠቀም የወሰነ ሰው የታቀደ ሕክምና ከማድረጉ በፊት ክሊኒኩ ዋጋውን በዝርዝር ጽፎ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ወረቀቱ ጉድ ፌዝ ኤስቲሜት ይባላል፤ በየክሊኒኩ መቀበያ ላይ ስለ እሱ የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፎ ይታያል። ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። በእኛ ሰው መካከል ደግሞ በጣም የሚያስፈልገው አይጠፋም። የራሱን ታክሲ የሚያሽከረክር፣ ሥራ ቀይሮ አዲሱ ኢንሹራንስ እስኪጀምርለት የሚጠብቅ፣ ልጆቿን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ መጥታ ሕመም የተነሳባት እናት፣ ሁሉም ከኪስ ከፋዮች ናቸው።

ወረቀቱን ለማግኘት ቀጠሮ መያዝ እንኳ ግዴታ አይደለም። ደንቡ በሽተኛው ስለ ዋጋ ያነሳውን ማንኛውንም ጥያቄ እንደ ግምት ጥያቄ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በስልክ «ስንት ያስከፍለኛል?» ያለ ሰው ጠይቋል ማለት ነው፤ ክሊኒኩም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ቀጠሮው አሥር የሥራ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው ቀጠሮው በተያዘ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ፣ ሦስት የሥራ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው ደግሞ በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን ይሰጣል። ቀጠሮው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከሆነ ግን ይህ ግዴታ የለም። ለዚህ ነው አስቸኳይ ላልሆነ ምርመራ ሁለት ሦስት ሳምንት ርቆ የሚገኘውን ቀን መያዝ የሚጠቅመው። በቃል የተነገረ ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ ሠራተኛዋ በስልክ ብትነግርዎትም ጽሑፉ መከተል አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፀጉር ቤት የምትሠራ የ48 ዓመት ሴት እንበል። ኢንሹራንስ የላትም። አሜሪካ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ45 ዓመት ጀምሮ ስለሚመከር ሐኪሟ ኮሎኖስኮፒ እንድታደርግ ነገራት። ክሊኒኩ ጋ ደወለች። «ወደ ሁለት ሺህ ምናምን ነው» ተባለች። ይህን ይዛ ብትሄድ ኖሮ የሚደርስባትን ከላይ አይተነዋል። እሷ ግን «ኢንሹራንስ የለኝም፤ ዝርዝሩን በጽሑፍ ላኩልኝ» አለች። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያሉ። ኮዶቹ ግን በየትም ክሊኒክ አንድ ናቸው።

የመጣላት ወረቀት ሁለት መስመር ነበረው። በአንደኛው የሐኪሙ ሥራ፣ ኮድ 45378፣ 800 ዶላር። በሁለተኛው የማዕከሉ፣ ያው ኮድ 45378፣ 1,300 ዶላር። ድምሩ 2,100 ዶላር ነው። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የተጠየቀች ሊመስላት ይችላል፤ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ ለእጁ፣ ማዕከሉ ለክፍሉ፣ ለመሣሪያውና ለነርሶቹ በአንድ ኮድ ለየብቻ ያስከፍላሉ። ከኮዱ አጠገብ ደግሞ ምርመራው ለምን እንደሚደረግ የሚናገር ሌላ ኮድ አለ። ሕመም ሳይኖር ለቅድመ ጥንቃቄ ለሚደረግ የአንጀት ምርመራ Z12.11 ነው። ወረቀቱ ደንቡን የተከተለ መሆኑ የሚታወቀው በነዚህ ነገሮች ነው፤ የእሷ ስምና የትውልድ ቀን፣ ቀጠሮው፣ የእያንዳንዱ አገልግሎት ኮድና ዋጋ፣ የሚያስከፍለው ሐኪም ወይም ማዕከል ስም ከመለያ ቁጥሩ ጋር፣ እና ዋጋው ካለፈ የመከራከር መብት እንዳላት የሚገልጽ አንቀጽ። «ኮሎኖስኮፒ፣ 2,100 ዶላር» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ማስታወሻ እንጂ ግምት አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የሷ ወረቀት ደንቡን ተከትሏል፣ ሆኖም ጎዶሎ ነው። ማደንዘዣው የለም። ላቦራቶሪው የለም። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ተንኮል ላይሆን ይችላል። ሕጉ በመሠረቱ ቀጠሮውን የያዘው ክሊኒክ የሌሎቹንም ዋጋ ሰብስቦ በአንድ ወረቀት እንዲያወጣ ይላል። ነገር ግን የተለያዩ ድርጅቶች ዋጋ የሚለዋወጡበት ሥርዓት አልተዘጋጀም ተብሎ መንግሥት ይህን ክፍል ሳያስፈጽመው ቆይቷል። ስለዚህ ክሊኒኩ የራሱን ብቻ ጽፎ ቢሰጥ የሚጠይቀው የለም። በኔ እይታ የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ በሽተኛው ሙሉ ዋጋ የያዘ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀዳዳው የሚጎዳው ደግሞ በግምቱ ጊዜ ብቻ አይደለም። በኋላ በዋጋ ለመከራከር ግምት የሰጠ ድርጅት ያስፈልጋል። ግምት ያልሰጠ የማደንዘዣ ድርጅት የፈለገውን ያህል ቢጠይቅ የሚነጻጸርበት ወረቀት የለም።

መፍትሔው ሁለት የስልክ ጥሪ ነው። ሴትዮዋ ክሊኒኩን መልሳ ትደውልና «ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? ናሙና ከተወሰደስ የሚላከው የት ላቦራቶሪ ነው?» ብላ ስማቸውንና ስልካቸውን ትቀበላለች። ከዚያ ለሁለቱም ደውላ ያንኑ ወረቀት ትጠይቃለች፤ እነሱም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የማደንዘዣው ኮድ ለቅድመ ጥንቃቄ ኮሎኖስኮፒ 00812 ነው። ሒሳቡ በከፊል በሚፈጀው ጊዜ ስለሚሰላ ምን ያህል ደቂቃ ታስቦ እንደተገመተ መጠየቅ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ ገንዘብ ሊቆጥብ ይችላል። አንዳንድ ቦታ በፕሮፖፎል ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛ የማደንዘዣ ባለሙያ ይገባል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ራሱ ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ቀለል ያለ ማረጋጊያ ይሰጣል። በሁለተኛው የተለየ የማደንዘዣ ቢል አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። የትኛው ለጤናዋ እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ምርጫ ካለ ግን ምርጫ እንዳለ ማወቅ የሷ ነው።

ላቦራቶሪው የሚያስከፍልበት ኮድ 88305 ሲሆን የሚቆጠረውም በናሙና ነው። ሐኪሙ ከሁለት የተለያዩ የአንጀት ክፍሎች ቆርጦ በሁለት ዕቃ ከላከ ኮዱ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ስለዚህ ከላቦራቶሪው የሚጠየቀው «የአንዱ ናሙና ዋጋ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ሴትዮዋ ለማደንዘዣው 600 ዶላር፣ ለአንድ ናሙና 150 ዶላር የሚል ወረቀት ደረሳት እንበል። ከምርመራው በፊት አንጀት ለማጠብ የሚጠጣው መድኃኒት ከፋርማሲ የሚገዛ ስለሆነ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይኖርም፤ እሱን ከፋርማሲው መጠየቅ ነው።

ሌላው ጎዶሎ ደግሞ በኮዱ ውስጥ የተደበቀ ነው። 45378 ሐኪሙ ገብቶ አይቶ ምንም ሳይነካ ሲወጣ የሚጻፍ ኮድ ነው። ነገር ግን የምርመራው ዓላማ ፖሊፕ የሚባሉትን፣ በጊዜ ብዛት ካንሰር ሊሆኑ የሚችሉ ትናንሽ እብጠቶች ፈልጎ ማውጣት ነው። ፖሊፕ ተገኝቶ በሽቦ ቀለበት ከተቆረጠ ኮዱ ወደ 45385 ይቀየራል፤ ትንሽ ቁራጭ በመቆንጠጫ ከተወሰደ ደግሞ 45380 ይሆናል። ዋጋውም ይጨምራል። ሰውየው ተኝቶ እያለ ስለሆነ መሀል ላይ ቀስቅሶ የሚጠይቀው አይኖርም፤ መጠየቅም የለበትም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት «ፖሊፕ ቢገኝና ቢቆረጥ፣ በ45385 ስንት ይሆናል? እሱንም ለብቻው ጽፋችሁ ላኩልኝ» ማለት ነው። ለሴትዮዋ ሁለተኛ ወረቀት መጣላት፤ ሐኪሙ 1,000፣ ማዕከሉ 1,600 ዶላር። አሁን ሁሉንም ስትደምር፣ ሁለት ፖሊፕ ቢገኝ እንኳ 3,500 ዶላር እንደሆነ ታውቃለች። «ወደ ሁለት ሺህ ምናምን» ከተባለው የሚርቀውን ያህል ይርቃል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

አዲስ አበባ ባሉ የግል ሆስፒታሎች የለመድነው ነገር ይህን ጥያቄ እንዳንጠይቅ ያደርገን ይሆናል። እዚያ ከኦፕሬሽን በፊት ማስያዣ ይጠየቃል፤ ቤተሰብ ያንን ካስያዘ በኋላ ትርፍና ጉድለቱ ሲወጡ ይተሳሰባል። ማስያዣ ግን ዋጋ አይደለም፣ የትም አገር አይደለም። አሜሪካ ያሉ ክሊኒኮችም በቀጠሮው ቀን በቅድሚያ የተወሰነ ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ያንን ከፍሎ «ጨርሻለሁ» ማለት አይቻልም።

ግምቱ እጅ ላይ ካለ የት ይደረግ የሚለውም ይነሳል። አንድ ሐኪም አንዳንድ ቀን በሆስፒታል፣ አንዳንድ ቀን ከሆስፒታል ውጭ ባለ የቀን ሕክምና ማዕከል ሊሠራ ይችላል። የሐኪሙ ክፍያ ብዙ ባይለያይም የሆስፒታሉ የቦታ ክፍያ በአብዛኛው ከማዕከሉ በጣም ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ ማዕከሉ ይሻላል ለማለት እቸኩል ነበር፤ ግን ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ተቃራኒው እውነት ሊሆን ይችላል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው በፌዴራል የግብር ሕግ ይገደዳሉ፤ ገቢን አይተው ዋጋውን ሊቀንሱ ወይም ጨርሰው ሊተዉት ይችላሉ። የግል የቀን ማዕከል ይህ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ሆስፒታሉን ግምት በሚጠይቁበት ስልክ የእርዳታ ማመልከቻውንም ይጠይቁ። ማመልከቻው ከመጀመሪያው ቢል በኋላ እስከ 240 ቀን ድረስ ይቀበላል፤ ቅድሚያ የሚያመለክት ሰው ግን ግምቱን ሲቀበል የሚከፍለውን ያውቃል።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ምርመራው ተደረገ። ሁለት ፖሊፕ ተገኝተው ተቆረጡ። ቢሎቹ መጡ። ማደንዘዣው 600፣ ላቦራቶሪው ለሁለት ናሙና 300 ዶላር፣ ልክ እንደተጻፈው። ሐኪሙ ግን በ1,000 ፈንታ 1,250፣ ማዕከሉ በ1,600 ፈንታ 2,150 ዶላር ጠየቁ። ሁለቱ ሲደመሩ 800 ዶላር አልፈዋል። ሕጉ የመከራከር መብት የሚሰጠው ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ሲበልጥ ነው። ይህ የሚቆጠረው ግን በየድርጅቱ ነው፤ አይደመርም። የሐኪሙ ጭማሪ 250 ስለሆነ ወደ ክርክር አይገባም። እሱን በተመለከተ ማድረግ የምትችለው ወደ ቢሊንግ ክፍል ደውላ ወረቀቱን እያጣቀሰች ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይታረማል፣ አንዳንድ ጊዜ አይታረምም። የማዕከሉ 550 ግን ከመስመሩ አልፏል።

ክርክሩ ፍርድ ቤት መሄድ አይደለም። ለፌዴራል መንግሥት በኢንተርኔት ወይም በወረቀት ይቀርባል፤ የሚከፈለው 25 ዶላር ነው። ግምቱና ቢሉ አብረው ይያያዛሉ። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ድርጅት ይመደብና ያያል። ጉዳዩ በመታየት ላይ እያለ ማዕከሉ ቢሉን ወደ ኮሌክሽን መስደድ ወይም የመዘግየት ቅጣት መጨመር አይችልም። ውሳኔው ለሷ ከሆነ 25 ዶላሩ ከምትከፍለው ላይ ይቀነስላታል። ማዕከሉ ከመወሰኑ በፊት ተስማምቶ ዋጋ ሊቀንስላትም ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

መርማሪው ድርጅት የሚያነሳው ዋና ጥያቄ ተጨማሪው ወጪ ለሕክምናው አስፈላጊ ነበር ወይ፣ ደግሞም ግምቱ ሲጻፍ ሊታሰብ የማይችል ነበር ወይ የሚል ነው። ለመጀመሪያው ወረቀት ብቻ ረክታ ብትቀር ኖሮ ማዕከሉ «ፖሊፕ ይገኛል ብለን አልጠበቅንም» ለማለት በር ነበረው። ሁለተኛውን ወረቀት ስለጠየቀች ግን ፖሊፑን ራሱ ማዕከሉ በኮዱና በዋጋው ጽፎታል። አልጠበቅንም ለማለት ይቸግረዋል። በምርመራው ጊዜ አንጀት ደምቶ ተጨማሪ ሕክምና አስፈልጎ ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያንን ማንም ቀድሞ ሊጽፈው አይችልም፣ ሴትዮዋም ያን ወጪ በዚህ መንገድ ልታስቀር አትችልም። ወረቀቱ ውል አይደለም። የሚከላከለው ሊታሰብ ይችል የነበረ ነገር በኋላ እንደ ድንገተኛ ተቆጥሮ እንዳይቀርብ ነው።

ኢንሹራንስ ላላቸው አንባቢዎች መንገዱ ይለያል። ለእነሱ በዚሁ ሕግ የታሰበው የቅድሚያ የዋጋ መግለጫ እስካሁን በሥራ ላይ አልዋለም። እነሱ ከክሊኒኩ ኮዶቹን ብቻ ተቀብለው ኢንሹራንሳቸው ጋ መደወል አለባቸው፤ «45378 ብቻ ቢሆን ስንት ከኔ ይጠበቃል? ወደ 45385 ቢቀየርስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከማደንዘዣው በኩል ደግሞ ሕጉ የተሻለ ይጠብቃቸዋል። ማዕከሉ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ካለው ውል የሌለው የማደንዘዣ ባለሙያ ቢገባም ትርፉን ከበሽተኛው መጠየቅ አይችልም፤ ይህን መብት ለመተው የሚያስፈርም ወረቀት ለማደንዘዣም ሆነ ለላቦራቶሪ ናሙና ምርመራ ማቅረብ አይፈቀድም።

እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነጻ ማቅረብ ስላለባቸው «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው፤ ልጅን ወይም ዘመድን ለሒሳብ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ አያስፈልግም። ክሊኒኩ «እንዲህ ያለ ወረቀት አንሰጥም» ካለ ወይም ቀኑ ካለፈ በ1-800-985-3059 ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ይቀርባል፤ የክርክሩም ማመልከቻ በዚያው ቁጥርና cms.gov/nosurprises በሚለው ድረ ገጽ ይገኛል። ክርክሩ የሚቀርበው ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ በ120 ቀን ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፖስታው የደረሰበትን ሳይሆን ቢሉ ላይ የተጻፈውን ቀን ይዘው ይቁጠሩ፤ ግምቱንም ከቢሉ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።